አሮጌው ወይስ አዲሱ? ሁለት ሲስተም ፕሮምፕቶችን በአንድ ሚዛን መለካት

ድርጅቱ የረጅም ርቀት አውቶቡስ ትኬት በኢንተርኔት ይሸጣል። ቢሮው አዲስ አበባ ነው። ስሙን አልጠራም፤ እንዳይታወቅም አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬአለሁ። ደንበኞች በቴሌግራም ሲጽፉ መጀመሪያ የሚመልስላቸው ቦት ነው። ከቦቱ ጀርባ አንድ የቋንቋ ሞዴል አለ። ሞዴሉ ምን እንደሚል፣ ምን እንደማይል የሚነግረው ደግሞ ሲስተም ፕሮምፕቱ ነው፤ ከእያንዳንዱ ንግግር በፊት የሚያነበው የመመሪያ ጽሑፍ ማለት ነው።

አሮጌው ፕሮምፕት ግማሽ ገጽ ነበር። አንድ ወጣት ፕሮግራመር ተቀምጦ ሦስት ገጽ የሚሞላ አዲስ ጻፈ። ከዚያም በስብሰባ ላይ አሮጌው ያበላሻቸውን፣ አዲሱ ግን በደንብ የመለሳቸውን አሥር ንግግሮች አሳየ። ሁሉም ወደደው። የደንበኞች አገልግሎት አስተባባሪዋ ብቻ አልተዋጠላቸውም። ዓመታት ስልክ ሲያነሱ የኖሩ ሴት ናቸው። «የኔ ልጅ፣ ጎበዝ ነህ። ግን እነዚህን አሥሩን እኔ ነኝ የሰጠሁህ» አሉት።

ነገሩ እዚያ ላይ ነበር። አሥሩ ንግግሮች ከደንበኛ ቅሬታ የተወሰዱ ናቸው። ልጁ ቅሬታዎቹን አንድ በአንድ እያነበበ ለእያንዳንዱ አንድ ደንብ ጽፏል። ከዚያ በእነዚያው ቅሬታዎች ፈተነው። ተማሪን ጥያቄውን ከነመልሱ አስጠንቶ እንደመፈተን ነው። አዲሱ ፕሮምፕት አሥሩን ማለፉ ስለ አሥራ አንደኛው የሚነግረን ነገር የለም። እኔ የተጠራሁት ይሄን አሥራ አንደኛውን ለማወቅ ነው።

ፈተናውን ከማዘጋጀታችን በፊት ሁለቱን ፕሮምፕቶች ጎን ለጎን አድርጌ አነበብኳቸው። ይህን ሥራ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አዲሱ ውስጥ የተሻሻለው የሻንጣ ደንብ አለ፦ 20 ኪሎ በነፃ። አሮጌው ውስጥ ግን ገና የድሮው 15 ኪሎ ነው ያለው። እንዲሁ ብንፈትናቸው አዲሱ በሻንጣ ጥያቄ ሁሉ ያሸንፋል። ያሸነፈው ግን መመሪያው ስለተሻለ ሳይሆን ትኩስ መረጃ ስለያዘ ነው። ስለዚህ የታሪፍ፣ የሻንጣና የስረዛ ደንቦችን ከሁለቱም አውጥተን በአንድ የመረጃ ገጽ ላይ አሰፈርን። ገጹን ለሁለቱም እኩል አያያዝን። ሞዴሉም አንድ ዓይነት፣ የሞዴሉ ስሪትም አንድ፣ ቴምፕሬቸሩም፣ ማለትም ሞዴሉ ቃላት ሲመርጥ ለዕድል የሚተውለት መጠን፣ በሥራ ላይ ያለው ያው ሆነ። የሚለያዩት በመመሪያው ብቻ እንዲሆን ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድመን በጽሑፍ ተስማማን። አዲሱ ሥራ ላይ የሚውለው ከባድ በሆኑት ጥያቄዎች ላይ በግልጽ ከበለጠ፣ በተለመዱት ላይ ደግሞ ካልባሰ ነው። ይህን ውጤት ከታየ በኋላ መወሰን አይቻልም። ሰው ነንና ያየነውን ቁጥር የሚደግፍ ምክንያት አናጣም።

ጥያቄዎቹን ከየት እናምጣ? በጭንቅላት ፈጥሮ መጻፍ ቀላል ነበር። ግን ቢሮ ውስጥ የተፈጠረ ጥያቄ ንጹሕ ነው። ፊደሉ የተስተካከለ፣ ዓረፍተ ነገሩ ሙሉ፣ ሐሳቡ አንድ ብቻ። እውነተኛው ደንበኛ እንዲህ አይጽፍም። አማርኛውን በላቲን ፊደል ይጽፋል፣ ሦስት ጥያቄ በአንድ ይጠይቃል፣ የትኬት ቁጥሩን ግማሹን ብቻ ይልካል። ስለዚህ ካለፈው ወር ሎግ በዕጣ 110 ንግግር አወጣን። ልጁ የተጠቀመባቸውን ንግግሮች ከዕጣው አስቀድመን አስወጥተናል። «ትኬት ስንት ነው» የሚል ተመሳሳይ ጥያቄ ሲደጋገም አልሰረዝንም፤ የቦቱ ውሎ እንዲያ ነው። ከ110ሩ 30ውን ማንም ሳያያቸው አሽገን አስቀመጥን። የቀሩት 80 «የተለመዱት» ተባሉ።

የደንበኞችን ስልክና የትኬት ቁጥር መደበቅ ነበረብን። በኮከብ ምልክት ብንሸፍነው ግን ቦቱ ቁጥር አልተሰጠኝም ብሎ ደግሞ ይጠይቃል፤ ፈተናው ይበላሻል። ስለዚህ በዲጂቱ ብዛትም በአጻጻፉም ትክክለኛውን የሚመስል የፈጠራ ቁጥር ተካንበት።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ችግር ከሁሉ የከፋው ነበር። በሎጉ ውስጥ ያሉት ንግግሮች የተካሄዱት ከአሮጌው ጋር ነው። አሮጌው «የትኛው ቀን ነው?» ብሎ ስለጠየቀ ነው ደንበኛው «ሐሙስ» ያለው። አዲሱ የትኬት ቁጥር ጠይቆ ቢሆን «ሐሙስ» የሚለው መልስ ከየት ይመጣል? ሙሉውን ንግግር ለአዲሱ ማጫወት አይቻልም። ያደረግነው እያንዳንዱን ንግግር በአንድ ነጥብ ላይ መቁረጥ ነው። እስከዚያ የተባባሉት እንዳለ ይቀመጣል፤ ሁለቱም ፕሮምፕቶች የሚሰጡት ቀጣዩን አንድ መልስ ብቻ ነው። አብዛኛውን በደንበኛው የመጀመሪያ መልእክት ላይ ቆረጥነው። መሐል ላይ የተቆረጡትን ለብቻ ምልክት አደረግንባቸው፤ ምክንያቱም እዚያ ያለው ታሪክ በአሮጌው አነጋገር የተጻፈ ነው፤ ለአሮጌው ትንሽ ያደላል። የዚህ አቆራረጥ ዋጋ ደግሞ አለ። ቦቱ በአምስተኛው መልስ ላይ የሚረሳውን ነገር ይህ ፈተና አያየውም።

ቀኑንና ሰዓቱንም ቆልፈናል። «ነገ» የሚል ጥያቄ ሰኞ ሲሮጥና ረቡዕ ሲሮጥ ትክክለኛ መልሱ ይለያያልና።

ከ80ዎቹ ሌላ 40 «ከባድ» ጥያቄዎችን አስተባባሪዋና ሁለት ባልደረቦቻቸው ጻፉ። እነዚህ በወር አንዴ ወይም ሁለቴ የሚመጡ፣ ሲበላሹ ግን ብር የሚያስወጡ ናቸው። ልጁ እንዲያያቸው አልተፈቀደም። የአንዱን መልክ ላሳያችሁ።

```yaml
id: hard-17
now: "Monday 09:00"
user: "selam, nege tewat 12 seat new guzoye. tiketun biserz birr yimelesilignal?"
must: [no_refund, offer_date_change]
gate: no_false_promise
```

የድርጅቱ ደንብ እንዲህ ነው፦ ከጉዞው 24 ሰዓት በፊት የሰረዘ ሰው አሥር በመቶ ተቆርጦ ብሩ ይመለስለታል። ከ24 በታች፣ ከ6 ሰዓት በላይ ከቀረው ቀን መቀየር ይችላል እንጂ ብር አይመለስም። አሁን ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ጉዞው ማክሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት። ለማንኛችንም ግልጽ ነው፤ 21 ሰዓት ነው የቀረው፣ ብሩ አይመለስም። የኮምፒውተሩ ሰዓት ግን የሚለው 09:00 ነው። ሞዴሉ «12»ን እንደ ቀትር ከወሰደው 27 ሰዓት ይቆጥርና ብርዎ ይመለሳል ይላል። አሮጌው ፕሮምፕት ያለው ይህንኑ ነው። በትሕትና፣ በጥሩ አማርኛ፣ ፍጹም የተሳሳተ ቃል ገባ። አዲሱ የኢትዮጵያን ሰዓት አቆጣጠር የሚያስታውስ አንድ መስመር አለውና ደንቡን በትክክል ተናገረ፤ ቀን መቀየር እንደሚቻልም ጨመረ።

አሁን ነጥብ አሰጣጡ። መጀመሪያ የቀረበው ሩብሪክ በየድርጅቱ የምታዩት ዓይነት ነበር፤ ጥራት ከ1 እስከ 5፣ ትሕትና ከ1 እስከ 5፣ አጋዥነት ከ1 እስከ 5። ሁለት የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኞች ሳይነጋገሩ 20 መልሶችን እንዲያርሙበት አደረግን። በአጋዥነት ተመሳሳይ ቁጥር የሰጡት በ7ቱ ብቻ ነው። አንድ መልስ ላይ አንዷ 5፣ ሌላው 2 ሰጡ። ስንጠይቃቸው ሁለቱም ልክ ናቸው። እሷ መልሱ ሙሉ ነው ብላ ነው። እሱ ደግሞ አውቶቡስ ተራ ቆሞ በስልክ የሚያነብ ሰው ይሄን ሁሉ አይጨርሰውም ብሎ ነው። «አጋዥ» የሚለው ቃል ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደብቀው ነበር።

ቁጥሩን ጥለን ወደ አዎ/አይደለም ጥያቄዎች ዞርን። የመጀመሪያው፦ መልሱ ውስጥ ያለው መረጃ ከመረጃው ገጽ ጋር ይስማማል? ሁለተኛው፦ ደንበኛው ይህን አንብቦ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል? ሦስተኛው፦ ድርጅቱ የማያደርገውን ነገር አደርጋለሁ ብሏል? ሦስተኛው በር ነው። እሱ ላይ የወደቀ መልስ ሌላው ሁሉ ቢያምርም ወድቋል፤ በአማካይ አይካካስም። ይህ ማጋነን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የካናዳ ዳኝነት አካል የኤር ካናዳ ቻትቦት ስለ ሐዘን ጉዞ ቅናሽ ለተሳፋሪ የሰጠውን የተሳሳተ መረጃ አየር መንገዱ ራሱ እንዲጠየቅበት ወስኗል። ቦቱ ለብቻው ተጠያቂ ነው የሚለው መከራከሪያ አላዋጣም።

ለከባዶቹ ጥያቄዎች ደግሞ ከላይ እንዳያችሁት በየጥያቄው መነሳት ያለበት ነገር ተጽፏል። አራሚው የሚያስበው «ጥሩ ነው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ቀን መቀየር እንደሚቻል ነግሮታል ወይ?» ብሎ ነው። በዚህ መንገድ ሌሎች 20 መልሶችን ሲያርሙ በ17ቱ ተስማሙ። ያልተስማሙባቸው ሦስቱ ላይ ተነጋግረው የሩብሪኩን አጻጻፍ አስተካከሉ፤ ዋናው እርማት የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

አጠራሩን ለብቻው አስቀመጥነው። አሮጌው ፕሮምፕት ስለ አጠራር ምንም አይልም፤ አንዳንዴ «እርስዎ» ይላል፣ አንዳንዴ ሴት ደንበኛን «ትኬትህን» ይላታል። ይህ ያበሳጫል እንጂ ብር አያጠፋም። ከዋናው ማለፊያ ጋር ብንደባልቀው አዲሱ «እርስዎ» ስላለ ብቻ የተሳሳተ ታሪፉ ይሸፈንለታል። በሌላ ዓምድ ይመዝገብ፣ ውጤቱም በሌላ መስመር ይነገር ተባለ።

እርማቱን በሌላ ሞዴል ማሠራት ይቻል ነበር። አልወደድኩትም። ሞዴል ዳኛ ሁለት መልስ ሲሰጠው በቅደም ተከተላቸው እንደሚወናበድና ረዥሙን እንደሚያደላ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በጥናት የታወቀ ነው። እዚህ ደግሞ አዲሱ መልሱን ያስረዝማል። ከዚያም በላይ የ12 ሰዓቱን ጉዳይ ዳኛውም ራሱ ሊስተው ይችላል። ሁለቱን ሠራተኞች ተጠቀምን።

አራሚዎቹ የትኛው መልስ ከየትኛው እንደመጣ አይነገራቸውም። ያም ሆኖ አዲሱ መልሱን ሁልጊዜ «ሌላ የምረዳዎት ነገር ካለ...» ብሎ ይዘጋል። ከጥቂት መልስ በኋላ ማንም ይለየዋል። መልሱን መቁረጥ ደግሞ የፈተነውን ነገር መለወጥ ነው። መፍትሔ ያልነው መልሶቹን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አለማቅረብ ነበር። ሁሉም መልሶች ተደባልቀው በሺት ላይ አንድ በአንድ ይመጣሉ፤ አራሚው ለዚያ መልስ ሦስቱን ጥያቄ ብቻ ይመልሳል። መለየቱ አይቀርም። ግን «ከመረጃው ገጽ ጋር ይስማማል?» ለሚል ጥያቄ አድልዎ ብዙ ቦታ የለውም። ለአንድ ጥያቄ የተሰጡ የሁለቱም ወገን መልሶች ወደ አንድ አራሚ እንዲሄዱም አደረግን። አንዱ ጥብቅ፣ ሌላው ለዘብተኛ ቢሆን ሁለቱንም እኩል ይነካቸዋል።

አዲሱን ከማስገባታችን በፊት አሮጌውን ከራሱ ጋር አወዳደርን። ያው ፕሮምፕት፣ ያው 80 ጥያቄ፣ ሁለት ጊዜ። ፕሮግራመሩ ገርሞት ነበር፤ ምን ሊለያይ? በ7 ጥያቄዎች ላይ ውጤቱ ተገለበጠ። በ4ቱ መጀመሪያ አልፎ ኋላ ወደቀ፣ በ3ቱ ተቃራኒው። ሞዴሉ በየጊዜው ቃላቱን በዕድል ስለሚመርጥ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አሂደን ጥቂት ጥያቄ የበለጠውን «አሸናፊ» ብንል ኖሮ ነፋስ ስንለካ ልንውል ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱን ጥያቄ በየፕሮምፕቱ ሦስት ሦስት ጊዜ አሄድን፤ ከሦስቱ ሁለቱ ካለፉ አለፈ ተባለ። በሩ ላይ ግን ብዙኃን አይሠራም፤ አንዴም ውሸት ቃል ከገባ ወድቋል።

ውጤቱ መጣ። ከተለመዱት 80 ውስጥ አሮጌው 60፣ አዲሱ 66 አለፉ። በመቶኛ 75 እና 82.5 ነው። ልጁ ፈገግ አለ። እኔ ግን ጠቅላላውን ትቼ ጥንዶቹን አየሁ። ሁለቱም ያለፉት 55፣ ሁለቱም የወደቁት 9 ናቸው። እነዚህ 64 ጥያቄዎች ስለ ልዩነቱ የሚናገሩት የለም። ወሬው ያለው በቀሩት 16 ላይ ነው፦ አዲሱ ብቻ ያለፈው 11፣ አሮጌው ብቻ ያለፈው 5። ሁለቱ ፕሮምፕቶች በእውነት እኩል ቢሆኑ እነዚህ 16 እንደ ሳንቲም ውርወራ ናቸው። ሳንቲም 16 ጊዜ ተወርውሮ 11 ለ5 ወይም ከዚያ በባሰ ልዩነት ወደ አንዱ ወገን ማጋደሉ ከ100 በ21ዱ ገደማ በዕድል ብቻ ይመጣል። ይህ «ተሽሏል» የሚያሰኝ ማስረጃ አይደለም። «የባሰ አይመስልም» ያሰኛል።

ከባዶቹ 40 ግን ሌላ ታሪክ ነበራቸው። አዲሱ ብቻ ያለፈው 14፣ አሮጌው ብቻ ያለፈው 2። በዕድል እንዲህ መሆኑ ከ1000 በ4ቱ ገደማ ነው። በውሸት ቃል በሩ ላይ የወደቁት በአሮጌው 9፣ በአዲሱ 1። ሁለቱን ስብስቦች ደምረን አንድ አማካይ ብናወጣ ኖሮ ይህ ይጠፋ ነበር። 40 ከባድ ጥያቄ ከ80 ጋር መቀመጡ እኛ የመረጥነው ቁጥር እንጂ የደንበኛው ውሎ አይደለም፤ ስለዚህ የድምሩ አማካይ ምንን እንደሚወክል ማንም ሊናገር አይችልም።

ከዚያ አሮጌው ብቻ ያለፈባቸውን 5 ጥያቄዎች ቁጭ ብለን አነበብናቸው። ከቁጥሩ የበለጠ ያስተማረን ይህ ነው። በ4ቱ ላይ ሰበቡ አንድ ነው። ሰውየው የሚጠይቀው ጠቅላላ ነገር ነው፤ ለምሳሌ ወደ ድሬዳዋ ሲሄድ ስንት ኪሎ ሻንጣ እንደሚፈቀድ። አዲሱ በቅድሚያ የትኬት ቁጥሩን ይጠይቀዋል። ሰውየው ገና ትኬት አልገዛም። አስተባባሪዋ ይህን ሲያዩ ለልጁ «ትሕትናው ጥሩ ነው፤ ግን ሰውየው ባዶ እጁን ነው የተመለሰው» አሉት። ፕሮምፕቱን ከፍተን ስናይ «ማንኛውንም ጥያቄ ከመመለስህ በፊት የትኬት ቁጥር ጠይቅ» የሚል መስመር አለ። የተጻፈው በአንድ ደንበኛ ትኬት ፋንታ የሌላ ሰው ትኬት በመሰረዙ በመጣ ቅሬታ ምክንያት ነው። «ማንኛውንም» የሚለው «በአንድ ትኬት ላይ ለውጥ የሚጠይቅ» በሚል ተተካ።

ያንን መስመር ቀይሮ በ80ዎቹ ላይ እንደገና ማሮጥ ያጓጓል። አሮጥነውም፤ ግን ለማረጋገጫ አይሆንም። መስመሩ የተስተካከለው እነዚህን ጥያቄዎች አይቶ ነውና አሁን እነሱም እንደ ልጁ አሥር ንግግሮች ሆነዋል። የታሸጉት 30 የተቀመጡት ለዚህ ቀን ነበር። የተስተካከለው አዲሱና አሮጌው እዚያ ላይ ሲወዳደሩ በ7 ጥያቄዎች ተለያዩ፤ 6ቱን አዲሱ፣ 1ዱን አሮጌው ወሰደ። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ብቻውን ምንም አያስረዳም። ቀድመን የጻፍነው መመዘኛ ግን በተለመዱት ላይ የሚጠይቀው አለመባስን ነው። የትኬት ቁጥሩ ችግርም አንድ ጊዜም አልታየም።

አዲሱ ሥራ ላይ ዋለ። መጀመሪያ ወደ ሐዋሳ መስመር ለሚጠይቁ ደንበኞች ብቻ፣ አስተባባሪዋ የየቀኑን ሎግ እያዩ። 30ዎቹ ተከፍተዋልና ለሚቀጥለው ለውጥ ከአዲሱ ወር ሎግ ሌላ 30 በዕጣ ወጥቶ ታሸገ። አንድ ነገር ሳይለካ ቀርቷል፤ ከ80ዎቹ በአፋን ኦሮሞ የተጻፉት 4 ብቻ ነበሩ፣ ከአራሚዎቹም ቋንቋውን በደንብ የሚያውቅ አልነበረም። በሪፖርቱ ላይ በዚያ በኩል ውጤት እንደሌለ ተጻፈ። አዳማ ካለው ቢሮ አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት አራሚ እስኪገኝ ድረስ በዚያ ቋንቋ የሚመጡ ጥያቄዎች በቀጥታ ወደ ሰው እንዲዞሩ ተደረገ።